22 ቀን የቀረው ሹፌር

ጥያቄ፦ «አጭር ልቦለድ ጽፌያለሁ። አንድ ድርጅት ውስጥ 17 ዓመት የነዳ ሹፌር ጡረታው ሊከበርለት ጥቂት ሳምንት ሲቀረው ይባረራል። አለቃው ክፉ ሰው ነው። 'አርጅተሃል፣ አንፈልግህም' ይለውና የአንድ ወር ማስጠንቀቂያ ይሰጠዋል። መጨረሻ ላይ ሹፌሩ መሪውን አቅፎ ያለቅሳል። ያነበቡልኝ ሁሉ 'ያሳዝናል፣ ግን አላመንኩትም' ይሉኛል። ምንድን ነው የጎደለው?»

ምላሽ፦

ሐዘኑስ ሞልቷል። የጎደለው ሒሳቡ ነው። ታሪኩ በሙሉ የተንጠለጠለው አንድ ቀን ላይ ነው፤ ያ ቀን ግን ረቂቁ ውስጥ የለም። ጥቂት ሳምንት የቀረው ከምን ነው? ቀኑ ቢደርስ ምን ያገኝ ነበር? ባይደርስስ በትክክል ምን ያጣል? አንባቢ እነዚህን በቃል አይጠይቅዎትም። መልሱ ከሌለ ግን ይሸተዋል፤ «አላመንኩትም» የሚለውም ለዚህ ነው።

እኔ ወደ አርትዖት የመጣሁት ከሰው ሀብት ሥራ ነው። የስንብት ደብዳቤ ያለበት ታሪክ ሲደርሰኝ መጀመሪያ ዓይኔ የሚሄደው ቀኑ ላይ ነው። የእርስዎንም እንደ ግል ማህደር ገለጥለጥ አድርጌ አየሁት። ገና ሁለተኛው ገጽ ላይ ታሪኩን የሚያፈርስ ነገር አገኘሁ። የአንድ ወር ማስጠንቀቂያው ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ማስጠንቀቂያ የተሰጠው ሠራተኛ ወሩ እስኪያልቅ ድረስ ሠራተኛ ነው። ደመወዝ ይከፈለዋል፣ ስሙ መዝገብ ላይ ነው፣ አገልግሎቱም አብዛኛውን ጊዜ መቆጠሩን ይቀጥላል። ሹፌሩ ሦስት ሳምንት ከቀረውና የአንድ ወር ማስጠንቀቂያ ከሰጡት፣ ማስጠንቀቂያው ራሱ ቀኑን ያሻግረዋል። ክፉው አለቃዎ ሳያውቀው ጡረታውን በእጁ አስረከበው ማለት ነው! ያልተወሰደ የዓመት ፈቃድ ካለውም ያው ነው። አንዳንድ ቦታ ፈቃዱ በገንዘብ ተተምኖ ይከፈላል፣ ቀኑ ግን አይቆጠርም። አንዳንድ ቦታ ደግሞ ሠራተኛው ፈቃዱን ጨርሶ ነው የሚሰናበተው፤ ያን ጊዜ ቀኑ ይቆጠርለታል። ደመወዝ ሲሠራ የኖረ አንባቢ ይሄን ሳያስብ ያውቀዋል።

ስለዚህ ሹፌሩ ያለ ማስጠንቀቂያ፣ በዚያው ቀን መውጣት አለበት። ያለ ማስጠንቀቂያ ለማስወጣት ደግሞ «አርጅተሃል» አይበቃም። ጥፋት ያስፈልጋል። ታሪኩ የሚጀምረው እዚህ ጋ ነው፤ አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ጥፋት መፈለግ አለበት።

ወደ ጥፋቱ ከመሄዳችን በፊት ግን የሚያጣውን ነገር እንወስን። ጡረታ ሁሉ በአንድ ቀን አይገኝም። በብዙ ሥርዓቶች መብቱ ከዓመት ዓመት ይጠራቀማል። እዚያ ውስጥ ሦስት ሳምንት ቀድሞ የተባረረ ሰው የሚያጣው የሦስት ሳምንት ድርሻውን ብቻ ነው። ያናድዳል፣ ግን ሕይወት አያፈርስም። ሌላ ቦታ ደግሞ መብቱን ቀድሞ ያገኘ ሰው ቢባረርም ዕድሜው ሲደርስ ይከፈለዋል። ለእርስዎ ታሪክ የሚሆነው ሦስተኛው ዓይነት ነው። የተወሰነ ዓመት እስኪሞላ ድረስ ከአሠሪው መዋጮ ምንም አያገኝም፤ የሞላ ቀን ሁሉንም ያገኛል። ከቀኑ በፊት ያለው ዜሮ ነው። ከዜሮው ጋር አንድ ትንሽ ነገር ይመጣል። ሠራተኛው ራሱ ከደመወዙ ያዋጣው ገንዘብ ብዙ ጊዜ በአንድ ጊዜ ይመለስለታል። ይቺን አይጣሏት። ሹፌሩ ሲወጣ አንድ ቼክ ይሰጡታል፤ የተሰጠው የራሱ ገንዘብ ነው። ለአንድ ደቂቃ ያህል ጡረታው መስሎት ቢያመሰግን ከመሪው ላይ እንባ የበለጠ ይሠራል።

እንዲህ ያለ ነገር በእውነት ይደርሳል ወይ ለሚሉ አንባቢዎችዎ አንድ የታወቀ ጉዳይ አለ። አሜሪካ፣ ማሳቹሴትስ ውስጥ ሄዘን ፔፐር የሚባል የወረቀት ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1977 አንድ የቴክኒክ ዳይሬክተር ቀጠረ። የፋብሪካው ጡረታ የሚጸናው፣ ማለትም ሠራተኛው መብቱን የሚያገኘው፣ በ10 ዓመት ነበር። ሰውየው በ1986፣ በ62 ዓመቱ ተባረረ። 10 ዓመት ሊሞላው የቀሩት ጥቂት ሳምንታት ነበሩ። ፋብሪካው የሰጠው ምክንያት ከተወዳዳሪዎች ጋር ሥራ ይሠራል የሚል ነው። ጉዳዩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ደርሶ ውሳኔ ያገኘው በ1993 ነው። ሰባት ዓመት መሆኑ ነው።

ከዚያ መዝገብ ውስጥ ለእርስዎ የሚሆኑ ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው ፍርድ ቤቱ ዕድሜንና አገልግሎትን ለይቶ ማየቱ ነው። ሠራተኛን ጡረታው እንዳይጸና ብሎ ማባረር እ.ኤ.አ. በ1974 የወጣውን የጡረታ ሕግ መጣስ ነው። ያ ብቻውን ግን «ስለ አረጀ ተባረረ» አያሰኝም አለ ፍርድ ቤቱ። የአገልግሎት ዓመትና ዕድሜ አብረው ይሄዳሉ እንጂ አንድ አይደሉም። በ25 ዓመቱ የገባ ሰው በ35 ዓመቱ 10 ዓመት ይሞላዋል።

ይሄ ታሪክዎን በቀጥታ ይነካዋል። የእርስዎ አለቃ «አርጅተሃል» ይላል። ይሄ ቃል አንባቢውን ወደ ሌላ መንገድ ይወስደዋል። በተለይ ለሹፌር። ያረጀ ሹፌር ሲባል ዓይን ይመጣል፣ ሌሊት መንዳት ይመጣል፣ ግጭት ይመጣል። አንባቢው «እሱስ እውነቱን ነው» ማለት ይጀምራል። እኔ ብሆን ሹፌሩን 50 ዓመት አካባቢ አደርገውና የዓይን ምርመራውን በቅርቡ እንዳለፈ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጣል አደርጋለሁ። ያን ጊዜ ዕድሜው ከመንገዱ ይወጣና ቀኑ ብቻውን ይቀራል።

ሁለተኛው ነገር ነው ወርቁ። በዚያው መዝገብ ውስጥ ፋብሪካው ሰውየውን በአማካሪነት ሊያቆየው ሐሳብ አቅርቦለት እንደነበር የሚገልጽ ምስክርነት አለ። አማካሪ ሆኖ ቢቀጥል ደግሞ ጡረታ አያገኝም ነበር። እስቲ ያስቡት። ሰውየው ለሥራው ይፈለጋል። የማይፈለገው ጡረታው ነው። አንድም ሰው ተነሥቶ «ለጡረታው ብለን ነው» ሳይል ነገሩን ሁሉ ያወጣው ደግ የሚመስል ግብዣ ነው።

ታሪክዎን በዚህ ግብዣ ላይ ቢያቆሙት ክፉ አለቃ አያስፈልግዎትም።

አሁን ሒሳቡን እንሥራ። ሹፌሩ 17 ዓመት ነድቷል ብለዋል። መብቱ የሚጸናው በ10 ዓመት ከሆነ 17ቱ የት ገቡ? እዚህ ጋ ረቂቁ ላይ ያለውን ቁጥር አይቀይሩት፤ ይጠቀሙበት። የመጀመሪያዎቹን ሰባት ዓመታት በኮንትራት ነው የነዳው። በየስድስት ወሩ ይታደስለት ነበር። መኪናው ያው፣ መንገዱ ያው፣ አለቆቹ እነዚያው። ማህደሩ ግን አይቆጥራቸውም። ቋሚ ያደረገው ደብዳቤ የተጻፈው ሚያዝያ 1 ነው። ስለዚህ በእሱ አቆጣጠር 17 ዓመት ሊሞላው ነው፤ በመዝገቡ አቆጣጠር 10 ዓመት ሊሞላው። ከሥራ የሚወጣው መጋቢት 9 ነው። መጋቢት 30 ቀን አለው፤ ስለዚህ ለሚያዝያ 1 የቀረው 22 ቀን ነው።

ይሄን ሁሉ አንባቢ መደመር የለበትም። እርስዎ ግን ወረቀት ላይ አውጥተው አጠገብዎ ያስቀምጡት። በእያንዳንዱ ትዕይንት ላይ ቀኑን ይወቁ። ታሪኩ ውስጥ የሚታዩት ሁለት ቀኖች ብቻ ይሁኑ፤ ሌላው ውስጥ ውስጡን ይሥራ። ሚያዝያ 1ን ቀድሞ፣ ነገር በሌለበት ሰዓት ያሳዩ። ለምሳሌ ሹፌሩ የቋሚነት ደብዳቤውን ፎቶ ኮፒ ከሊብሬው ጋር በአንድ ፕላስቲክ አጥፎ ይዞት ይዞራል። ትራፊክ መንጃ ፈቃድ ሲጠይቀው አብሮ ይወጣል። ፖሊሱ ያነብለትና «ይሄ ምንድን ነው?» ይለዋል። በቃ፣ ቀኑ ገባ።

ታሪኩ የት አገርና መቼ እንደሚሆን ካልወሰኑ አሁን ይወስኑ። የዓመቱ ቁጥር ከሕግ ጋር ይቀያየራል። እዚያው አሜሪካ የ10 ዓመቱ ደንብ እ.ኤ.አ. በ1986 በወጣ ሕግ ወደ 5 ዓመት ወርዷል፤ ሥራ ላይ የዋለው ከ1989 ጀምሮ ነው። የዛሬ አሜሪካ ላይ የ10 ዓመት ታሪክ ቢጽፉ የሚያውቅ ሰው ይስቅብዎታል። አገሩን ካልጠሩ ግን ታሪኩ የራሱን ደንብ ሊያወጣ ይችላል፤ ብቻ አንዴ ካወጣው አይለውጠው።

ወደ ጥፋቱ እንምጣ። ስርቆት ሊሆን ይችላል፣ ግጭት ሊሆን ይችላል፣ ያልተፈቀደ ሰው መጫን ሊሆን ይችላል። ግጭት አልወደውም፤ ግጭት ራሱ ትልቅ ነገር ስለሆነ ታሪኩን ይወስድብዎታል። የሚሻለው ሁሉም ሹፌር ዘንድ ያለ፣ ለዓመታት ማንም ትኩር ብሎ ያላየው ትንሽ ነገር ነው። ነዳጅ።

የስምሪት ክፍል ነዳጅን የሚቆጣጠረው በአንድ ቀላል ማካፈል ነው። መኪናው በሊትር 8 ኪሎ ሜትር ይሄዳል ተብሎ ተመድቦለታል እንበል። በወሩ የጉዞ መዝገብ ላይ 1,200 ኪሎ ሜትር ተመዝግቧል። ለ8 ሲካፈል 150 ሊትር ነው። ሹፌሩ በኩፖን የቀዳው ግን 171 ሊትር ነው። 21 ሊትር የት ገባ?

ነዳጁ የገባው አየር ላይ ነው። ሥራ አስኪያጁ ስብሰባ ሲገቡ «ሞተር እንዳታጠፋ፣ አሁን እወጣለሁ» ይላሉ። አሁን የሚሉት አንድ ሰዓት ነው። አንድ ከበድ ያለ መኪና ቆሞ፣ ማቀዝቀዣው እየሠራ በሰዓት እስከ አንድ ሊትር አካባቢ ሊጠጣ ይችላል። በሥራ ቀን አንድ ሰዓት ጥበቃ ካለ በወር 21 ሊትር ቢጎድል አይገርምም። የጉዞ መዝገቡ የመነሻ አለው፣ የመድረሻ አለው፣ የኪሎ ሜትር ንባብ አለው፣ የተሳፋሪ ፊርማ አለው። የጥበቃ ሰዓት የሚጻፍበት ቦታ ግን የለውም። ሹፌሩ ቢጠየቅ ምን ይላል? «እርስዎን ስጠብቅ ነው» ይበል? ይሄን ለሥራ አስኪያጁ በአካል ሊናገር የሚችል ሹፌር ያውቃሉ?

እዚህ ላይ ይቆዩ። ታሪኩ ውስጥ ሌላው ሁሉ በፍጥነት ሊያልፍ ይችላል፤ ይቺ ጥበቃ ግን ከአንድ ጊዜ በላይ ትምጣ። አንዴ መጀመሪያ ላይ፣ ምንም ሳይባልባት። ሹፌሩ በመስታወት በሩን እያየ፣ ሞተሩ እየሠራ። አንባቢው የሥራ ትዕይንት ብቻ ይመስለዋል። በኋላ 21 ሊትር ሲነሣ ግን አንባቢው ነዳጁ የት እንደሄደ ከሹፌሩ እኩል ያውቃል። ማንም ሲያስረዳው መስማት የለበትም።

ማን ነው እንግዲህ ያባረረው? በረቂቁ ላይ አንድ ሰው ነው፣ ክፉ ነው፣ ይናገራል። ሥራ ቤት ውስጥ እንዲህ አይሆንም። ፋይናንስ በሩብ ዓመቱ መጀመሪያ «በዚህ ሩብ ዓመት ጡረታቸው የሚጸና» የሚል ዝርዝር ይጠይቃል። መደበኛ ሥራ ነው፤ ወጪ መታወቅ አለበት። ሰው ሀብት ዝርዝሩን ያወጣል። ሥራ አስኪያጁ ዝርዝሩን አይተው አንድ ጥያቄ ይጠይቃሉ፦ «ይሄ ልጅ ፋይሉ እንዴት ነው?» ሌላ ምንም አላሉም። ስምሪት ኃላፊው በማግስቱ የነዳጅ መዝገብ ያወጣል፤ የሌሎቹን ሹፌሮች ሳይሆን የእሱን ብቻ። ሁሉም የራሱን ትንሽ ሥራ ሠራ። ማንም አላባረረውም፤ እሱ ግን ተባሯል።

ረቂቁ ላይ ያለውን «ጡረታ ሳይበላን አስወጡት» የሚለውን ንግግር ስለዚህ ያውጡት። እንዲህ የሚጽፍ ወይም በሰው ፊት የሚል ድርጅት የለም ማለት ይቻላል። እንዲህ ያለ ክስ የሚያዩ ዳኞችም ኑዛዜ አይጠብቁም፤ ዙሪያውን ያያሉ። የነዳጅ መዝገቡ ለምን አሁን ታየ? የሌሎቹ ሹፌሮች ጉድለት ስንት ነው? እነሱስ ተቀጡ? ቀድሞ ስለ ነዳጅ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቶት ነበር? ማን ተተካ? በምን ዓይነት ቅጥር? አንባቢዎን ያንኑ ወንበር ላይ ያስቀምጡት። አንድ ሹፌር በምሳ ሰዓት «የኔማ ሠላሳ ነው የጎደለው» ብሎ ቢስቅ አንድ ምስክር ሰጡ ማለት ነው።

ደብዳቤውን ሙሉውን ያስገቡት። አጭር ነው፤ የመሥሪያ ቤት ቋንቋ ደግሞ ከማንኛውም ስድብ በላይ ይቀዘቅዛል። እንዲህ ሊሆን ይችላል፦

«ከነዳጅ አጠቃቀም ጋር በተያያዘ በፈጸሙት ከባድ ጥፋት ምክንያት ከዛሬ መጋቢት 9 ቀን ጀምሮ ያለማስጠንቀቂያ ከሥራ የተሰናበቱ መሆኑን እያስታወቅን፣ በእጅዎ የሚገኘውን የድርጅቱን ንብረት እንዲያስረክቡ እናሳስባለን። ግልባጭ፦ ለስምሪት ክፍል፣ ለፋይናንስ፣ ለጡረታ ጉዳዮች።»

ስለ ጡረታ አንድም ቃል የለበትም፤ ግልባጩ ላይ ካልሆነ በቀር። ሹፌሩ ግልባጭ አያነብም። አንባቢዎ ያነባል።

ከዚያ ርክክብ ይመጣል። ይሄ ረቂቁ ውስጥ የለም፤ መኖር ግን አለበት። ሹፌር ሲሰናበት መኪናውን በዕቃ በዕቃ ቆጥሮ ነው የሚያስረክበው። ካላስረከበ ክሊራንስ የለም። ክሊራንስ ከሌለ ቼክ የለም። እኔ ብጽፈው ወደዚህ ይጠጋል፦

«ክሪክ?» አለ የስምሪት ኃላፊው።
«አለ።»
«ስኮርታ?»
«አለ። ባለፈው ወር ነው ያስለጠፍኩት።»
«ምንጣፍ?»
«አራቱም አሉ።»
ኃላፊው በመስኮቱ ጎንበስ ብሎ ቁጥሩን አየ። 284,617 ብሎ ጻፈ። ሹፌሩ ወረቀቱን ወደ ራሱ ዞር አደረገው።
«618 ነው።»
«7 ነው የሚለው።»
«በ7 እና በ8 መሃል ነው ያለችው። ወደ 8 ነው ያጋደለችው። በኋላ አንድ ኪሎ ሜትር አጎደለ እንዳይሉኝ።»
ኃላፊው ሰረዘና 618 አለ። የሰረዘበት ላይም ሹፌሩ ይፈርም ዘንድ እስክሪብቶውን ሰጠው።

ለአንድ ኪሎ ሜትር የሚከራከር ሰው ነው በነዳጅ የተጠረጠረው። ይሄን እርስዎ አይናገሩት። ኃላፊውም አይናገረው። ግን ኃላፊው እስክሪብቶ ሲሰጥ ፊቱን ወደ መኪናው ቢያዞር አልቃወምም።

ስለ ሹፌሩ ጠባይ በዚሁ ልጨምር። በረቂቁ ላይ ደግ፣ ትሑት፣ ሁሉን ቻይ ነው። ትንሽ የሚያስቸግር ያድርጉት። መዝገብ ላይ ድርቅ የሚል፣ ሰው በር ሲያላጋ የሚቆጣ፣ ተሳፋሪ ካልፈረመ ሞተር የማያስነሣ። እንዲህ ያለ ሰው ሲበደል አንባቢ ያምናል፤ ምክንያቱም ሰው ነው። ፍጹም ሰው ሲበደል ግን አንባቢ «ጸሐፊው ሊያስለቅሰኝ ነው» ብሎ ይጠነቀቃል።

አሁን ግብዣው። ርክክቡ አልቋል። ቁልፉ ጠረጴዛ ላይ ነው። ቼኩ ተሰጥቷል። የሰው ሀብቷ ልጅ እውነተኛ ደግ ሰው ትሁን፤ ሐሳቡን ያመጣችው እሷ እንኳ ልትሆን ትችላለች፣ ያዘነች መስሏት።

«ጋሼ፣ እንዲሁ አይሂዱብን። በኮንትራት ቢቀጥሉ ብለን አነጋግረናል። መኪናውም ያው የእርስዎ ነው።»
«እኔ?»
«አዎ። ከእርስዎ በላይ ማን ያውቀዋል?»
«በነዳጅ አይደል እንዴ የተባረርኩት?»
ልጅቷ ወረቀቱን አስተካከለች። «እሱ አልቋል ጋሼ። እሱን አያስቡት።»
«ከመቼ ጀምሮ ነው ታዲያ?»
ቀኑን ፈልጋ አገኘችው። «ከሚያዝያ 2።»

እዚህ ጋ ሁለት ነገር በአንዴ ይወጣል። ነዳጅ ይሰርቃል ብሎ ያመነ ሰው ቁልፉን አይመልስለትም። ስለዚህ ነዳጁ ውሸት ነበር። ሚያዝያ 2 ደግሞ ቀኑን በአንድ ቀን ዘላ ያለፈች ናት። ለምን ከነገ ጀምሮ አልሆነም? ነገ ቢጀምር አገልግሎቱ አልተቋረጠም፣ ሚያዝያ 1ንም በሥራ ላይ ሆኖ አለፈ ብሎ ሊከራከር ይችላል። አንድ ጠንቃቃ ሰው ያንን በር ዘግቶታል። ማን እንደሆነ አይንገሩን። ልጅቷም ላታውቅ ትችላለች፤ ቀኑን ወረቀቱ ላይ አገኘችው እንጂ አልጻፈችውም።

ደግሞም በኮንትራት የገባ ሰው ነው ወደ ኮንትራት የሚመለሰው። መጀመሪያ ያስቀመጧቸው ሰባት ዓመታት እዚህ ይከፍሉዎታል። እሱ ያውቃል ኮንትራት ምን እንደማይቆጥር። አንባቢውም ያውቃል።

ይፈርማል ወይስ አይፈርምም? ይሄን ለእርስዎ እተወዋለሁ። ከፈረመ ለምን እንደፈረመ ይታየን፤ ሥራ ከሌለው 50 ዓመት የሆነው ሹፌር የት ይሄዳል? ካልፈረመ ደግሞ ጀግና አያድርጉት። «ላስብበት» ብሎ መውጣትም አንድ መልስ ነው። እኔ በግሌ የሚፈርመውን እመርጣለሁ፤ ግን ከመፈረሙ በፊት ጉዞ መዝገቡ ላይ አንድ ነገር እንዲጠይቅ አደርገዋለሁ፦ የጥበቃ ሰዓት የሚጻፍበት ቦታ ይጨመርልኝ ብሎ። እምቢ ይሉታል ወይ እሺ ይሉታል፤ ሁለቱም ጥሩ ነው።

መሪ አቅፎ ማልቀሱን ያውጡት። በተግባርም አይሆንም፤ መኪናውን አስረክቧል፣ ቁልፍ የለውም፣ የት ገብቶ ነው መሪ የሚያቅፈው?

ፍርድ ቤት ልውሰደው ወይ ብለው ሊያስቡ ይችላሉ። ሊያሸንፍ ይችላል፤ ከላይ ያየነው የፋብሪካ ጉዳይ ላይ ዳኞቹ ስንብቱ ጡረታውን ለማስቀረት እንደሆነ አምነዋል። ግን ከስንብቱ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ሰባት ዓመት ፈጅቷል። አጭር ልቦለድ ያን ያህል አይሸከምም። ፍርድ ቤት ከገቡ ታሪኩ የጠበቆች ይሆናል፣ ሹፌሩም ከኋላ ወንበር ላይ ይቀመጣል። በጣም ካማረዎት ግን ለሁለተኛ ታሪክ ያቆዩትና ከልጅቷ ይጀምሩት፤ ለምስክርነት ተጠርታ፣ ሚያዝያ 2ን ማን እንደጻፈ ስትጠየቅ።